የፊደል አደን በትምህርት ቤት ግቢ

ኦ ክፍል ወይም አንደኛ ክፍል ገብቶ ጥቂት ወራት የቆየ ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን ከላይ እስከ ታች ሳይደናቀፍ ሲወርደው መስማት የተለመደ ነው። ያው ልጅ ከገበታው መሀል «ቤ»ን ነጥለው ቢያሳዩት ግን ዝም ይላል፤ ወይም ከ«በ» ተነስቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጥሮ ይደርስበታል። ዜማውን ይዞታል፤ ፊደሉን ግን ገና አልለየውም። በቄስ ትምህርት ቤት ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እየተባለ የሚቆጠረው አቡጊዳ ቤቱንም ተራውንም ስለሚያዘበራርቅ፣ በዜማ ብቻ የያዘውን ተማሪ ወዲያው ይለየዋል። ዛሬ አንዳንድ መምህራን ለጀማሪ አንባቢዎች የሚያዘጋጁት የፊደል አደን ይህንኑ ሥራ ከክፍል ውጭ፣ በጨዋታ ይሠራል። ልጁ አንድ የፊደል ካርድ ይሰጠዋል፤ ስሙ በዚያ ፊደል ድምፅ የሚጀምር ነገር ከግቢው ፈልጎ ያገኛል።

ጨዋታው ከአማርኛ ፊደል ጋር ይስማማል። የ«ባ» ስሟም ድምፅዋም «ባ» ስለሆነ፣ ልጁ ካርዱን ከጠራ የሚፈልገውን ድምፅ በአፉ ይዞታል። ችግሩ ብዛቱ ነው። 33ቱ እናት ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የአንድ ቤት ልጆች ደግሞ መልካቸው ይቀራረባል። ስለዚህ አደኑ ደረጃ በደረጃ መሄድ አለበት፤ መጀመሪያ የተራራቁ ፊደላት፣ ከዚያ አንድ ቤት፣ ከዚያ የቃል መጨረሻ።

መምህሯ ካርድ ከመቁረጧ በፊት ግቢውን ብቻዋን ዞራ ምን እንዳለ ትመዘግባለች። ቀጥላ ልጆቹን ይዛ በመውጣት እያንዳንዱን ነገር በስሙ ታስጠራለች። ይህ የስም ዙር የሚዘለል ከሆነ ጨዋታው ይበላሻል። ምሰሶው ላይ የሚውለበለበውን አንዱ ልጅ «ባንዲራ»፣ ሌላው በሰልፍ ላይ እንደሰማው «ሰንደቅ ዓላማ» ይለዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ፊደላቸው ግን ለየቅል ነው። እቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ደግሞ ዕቃውን በአፍ መፍቻው ያውቀውና የአማርኛ ስሙን ላያውቀው ይችላል። እሱ ካርድ ይዞ ቢቆም ፊደል ጠፋበት ማለት አይደለም፤ የጠፋበት ቃሉ ነው። በስም ዙሩ ሁሉም በአንድ ስም ከተስማሙ ይህ ችግር ከአደኑ በፊት ያልቃል።

ለመጀመሪያው ቀን አራት ካርድ ይበቃል፤ ለምሳሌ «በ»፣ «ዛ»፣ «ድ» እና «ወ»። መልካቸውም ድምፃቸውም የተራራቀ ስለሆነ ልጁ በር፣ ዛፍ፣ ድንጋይና ወንበር ጋ ሲደርስ የሚያደናግረው ነገር አይኖርም። ካርዱ የደብተር ገጽ ያህል ቢሆንና ፊደሉ በወፍራም ማርከር ቢጻፍ ከርቀት ይታያል። ሃምሳና ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉንም በአንድ ጊዜ መልቀቅ ግርግር ነው። ግማሹ አራት አራት ሆኖ ሲያድን፣ ግማሹ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዳኛ ይሆናል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይቀያየራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስህተት አለ። ፊደሉን አስቀድሞ በሩና ዛፉ ላይ መለጠፍ ጨዋታውን ያቀለለ ይመስላል፤ ግን ልጁ ጆሮውን አይጠቀምም። ካርዱ ላይ ያለውን ቅርጽ በሩ ላይ ካለው ቅርጽ ጋር ያመሳስልና ያልፋል፤ «በር» የሚለውን ቃል ጨርሶ ላያስበውም ይችላል። ዕቃው ባዶ መሆን አለበት። ልጁ ከደረሰ በኋላ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ የመጀመሪያውን ድምፅ ለብቻ ይደግማል፤ ከዚያ ፊደሉን በጠመኔ ድንጋይ ላይ ወይም በእንጨት አፈሩ ላይ ይጽፋል። በዚህ መንገድ ጆሮው፣ አፉና እጁ በአንድ ፊደል ላይ ይገናኛሉ።

ሁለተኛው ደረጃ አንድ ቤት መርጦ ሰባቱንም ማሳደድ ነው፤ የ«በ» ቤት ለዚህ ይመቻል። በአንድ ተራ ግቢ «በ»ን በር፣ «ቢ»ን የርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ «ባ»ን ባሕር ዛፍ ወይም ባልዲ፣ «ቤ»ን ቤተ መጻሕፍት፣ «ብ»ን የአጥሩ ብሎኬት፣ «ቦ»ን የልጆቹ ቦርሳ ይመልሳሉ። የሚጎድለው «ቡ» ነው። መምህሯ ጥቂት የቡና ፍሬ በጨርቅ ቋጥራ ዛፍ ሥር ብታስቀምጥ ይሞላል።

መልካቸው የሚያሳስተው እዚህ ነው። «ቡ» ጭረቷ በቀኝ ወገብ ላይ ናት፤ «ብ» በግራ። «ባ» ረጅሙ እግሯ የቀኙ ነው፤ «ቦ» የግራው። «ቢ» እግሯ ሥር ጭረት አላት፤ «ቤ» ቀለበት። ቀኝና ግራውን ገና ላልለየ የስድስት ዓመት ልጅ እነዚህ ሦስት ጥንዶች አንድ ይመስሉታል። ስለዚህ ሰባቱን በአንድ ቀን ከመበተን ይልቅ ጥንዶቹን እያነጠሉ ማሳደድ ይሻላል፤ ዛሬ «ባ» እና «ቤ»፣ ነገ «ቦ» እና «ቢ»፣ ሲለምዱ ደግሞ «ባ»ን ከ«ቦ» ጋር ፊት ለፊት። ቦርሳው ጋ የ«ባ»ን ካርድ ይዞ የደረሰ ልጅ ድምፁን ሰምቷል፤ ያሳሳተው ዓይኑ ነው። ባልዲው ጋ የ«በ»ን ካርድ ይዞ የደረሰው ግን ጆሮው ገና ነው። የመጀመሪያው የሚያስፈልገው ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አድርጎ ረጅሙን እግር በጣቱ መከተል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «በር» እና «ባልዲ»ን ቀስ ብሎ እየጠራ የአፉን አከፋፈት ማስተዋል።

«ተሳስተሃል» ከማለት በፊት «ምን ብለህ ጠራኸው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። የ«ብ»ን ካርድ ይዞ የግቢው በር ላይ የቆመ ልጅ የተሳሳተ ይመስላል። ሲጠየቅ ግን «ቲቸር፣ ብረት ነው» ይላል፤ ልክ ነው። ቧንቧው ጋ «ባ»ን ይዘው የሚሮጡም አይጠፉም። «ቧንቧ» በ«ባ» አይጀምርም፤ «ቧ» የራሷ ፊደል አላት። ልጆቹ ሁለቱን እያፈራረቁ ሲጠሩ በ«ቧ» ላይ ከንፈራቸው መሞጥሞጡን እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ያኔ አዲሱን ካርድ ማሳየት ይቻላል። ሣሩን አንዱ በ«ሣ» ሌላው በ«ሳ» ቢጽፈውም ድምፁ አንድ ነውና ሁለቱንም መቀበል ነው፤ የ«ሠ» እና የ«ሰ»፣ የ«ፀ» እና የ«ጸ» ልዩነት በኋላ በጽሕፈት ይመጣል።

ፈጣኑን ልጅ ተከትሎ የሚሮጥ ልጅም አለ፤ ሁልጊዜ ይደርሳል፣ ግን አያነብም። እሱን ለመለየት ጨዋታውን መገልበጥ በቂ ነው። ለብቻው ባልዲው ጋ ወስዶ «ባ»፣ «ቦ» እና «ቤ»ን መዘርጋትና «የትኛው ነው?» ማለት። ከንፈሩ «በ ቡ ቢ ባ» እያለ ከቆጠረ አሁንም የያዘው ተራውን ነው፤ እጁ በቀጥታ ወደ ካርዱ ከሄደ ግን ፊደሉን ለይቷል።

ሦስተኛው ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚቀረው፣ ወደ ንባብ የሚያሻግረው ግን እሱ ነው። እስካሁን ልጆቹ የቃሉን መጀመሪያ ሲያሳድዱ ነበር። አሁን መጨረሻውን ያሳድዳሉ። በር፣ አጥር፣ ወንበር፣ አፈር ሁሉም በ«ር» ያልቃሉ፤ ዛፍ በ«ፍ»፣ ቅጠል በ«ል»፣ ድንጋይ በ«ይ»። የግቢው ነገር አብዛኛው የሚያበቃው በሳድስ ነው። ሳድስ ደግሞ ጀማሪውን የሚያስቸግር ፊደል ነው፤ «ድንጋይ» ላይ «ድ» አጭር ድምፅ ይዛ ትሰማለች፣ «ዛፍ» ላይ ግን «ፍ» ያለ ምንም አናባቢ ትዘጋለች። ይህን ያልለየ ልጅ «ዛፍ»ን ሲያነብ «ዛ… ፍእ» ብሎ ይቆማል፤ ፊደሎቹን ጠርቷል፣ ቃሉን ግን አይሰማውም። በመጨረሻ ድምፅ አደን ላይ «ዛፍ» ብሎ ሲዘጋ ከንፈሩ ላይ የቀረውን ትንፋሽ ያስተውላል። በቃል መጀመሪያ የማይገኙ ፊደላትም እዚህ ይገኛሉ። የ«ኛ»ን ካርድ የያዘች ልጅ ግቢውን ዞራ ዞራ ስታጣ፣ አጠገቧ ያለችውን ትይዝና «ጓደኛ!» ትላለች።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን አደኖች ማጋጠም ነው። አንዱ ልጅ የመጀመሪያውን ካርድ፣ ሌላው የመጨረሻውን ይይዛል፤ ቃሉ በሁለት ፊደል የሚያልቅ ነገር ጋ ተገናኝተው ካርዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ያጋጥማሉ። በ እና ር በር ይሆናል፤ ሳ እና ር ሳር፤ ዛ እና ፍ ዛፍ። ሦስት ፊደል ያላቸው እንደ «አጥር» ያሉት ለቀጣዩ ሳምንት ይቆያሉ።

የጨዋታው ወሰን መታወቅ አለበት። እንደ «ዠ» እና «ጰ» ያሉት በግቢ አይገኙምና በሥዕል ካርድ ወይም በክፍል ውስጥ መማር አለባቸው። በሩ አጠገብ ቆሞ «በር» ያለ ልጅም አንብቧል ለማለት ገና ነው፤ በሩን አይቶ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛውን ፈተና መምህሯ ከዚያው ከተገኙት ካርዶች ታወጣዋለች፤ ከብሎኬቱ «ብ»ን፣ ከበሩ መጨረሻ «ር»ን አንስታ ጎን ለጎን ታስቀምጣለች። ከሣሩ «ሳ»ን፣ ከቅጠሉ «ል»ን እንዲሁ። ግቢው ውስጥ እነዚህን ቃላት የሚጠቁም ምንም ነገር የለም። ልጁ ዙሪያውን ሳይቃኝ ካርዶቹን ብቻ አይቶ «ብር» እና «ሳል» ካለ ማንበብ ጀምሯል። ካላለ ደግሞ የት እንደቆመ ይታወቃል፤ ፊደሉን ከሳተ ወደ ጥንዶቹ አደን፣ ፊደሎቹን ጠርቶ ማጋጠም ካቃተው ወደ መጨረሻው ድምፅ አደን ይመለሳል።