የነገረ መለኮት አኅጽሮተ ጥናት ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ

አኅጽሮተ ጥናት የአንድ ጥናት ገጽታ ነው። ረጅሙን ጥናት የማያነብ የውጭ አገር ተመራማሪ እሱን ብቻ አይቶ ይፈርዳል፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቃላት ውስጥ አንዱ ስም ቢሳት የሚያርመው ሌላ ገጽ የለም። ነገረ ሃይማኖት ላይ ደግሞ ስም ሲሳት ትምህርቱ ራሱ ይለወጣል።

ለማሳያ አንድ ዓረፍተ ነገር እናብጅ፦ «ይህ ጥናት በልደታ ክፍለ ከተማ አብነት ሰፈር የሚያገለግሉ የአብነት መምህራን፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የጸናውን የተዋሕዶ ትምህርት በአንድምታ ትርጓሜ ሲያስረዱ፣ ስለ አካልና ባሕርይ የሚሰጡትን ማብራሪያ ይመረምራል።» ተርጓሚው ይህን ይዞ ሲቀመጥ እንቅፋቱ ከመነሻው ይጀምራል።

«አብነት» ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሰፈር ስም ስለሆነ ድምፁ ብቻ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ሁለተኛው ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ እስከ መጻሕፍት ቤት የሚዘልቀው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ይህን «የአብነት ሰፈር መምህራን» ብሎ የመለሰ ሰው መምህራኑን የቀለም ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ሁለተኛው በድምፁ ከተጻፈ በኋላ «የቤተ ክርስቲያን ባህላዊ ትምህርት» የሚል አጭር ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ይከተለዋል።

ዓመተ ምሕረቱም ወጥመድ አለው። 1870 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ከ1877 መስከረም እስከ 1878 መስከረም ይዘልቃል። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመታት በእዝባር መጻፍ ይገባል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሰበሰቡት ጉባኤ በግንቦት የተካሄደ መሆኑ ስለሚታወቅ ግን 1878 ብቻ መጻፍ ይበቃል።

«ትርጓሜ» ደግሞ ብዙ ተርጓሚ የሚሰናከልበት ነው። በዕለት ተዕለት ቋንቋ «ትርጉም» ከሚለው ጋር ስለሚቀራረብ «ትራንስሌሽን» ይባላል። መጻሕፍት ቤት ውስጥ ግን ትርጓሜ ንባቡን ቃል በቃል ከመለሱ በኋላ ምሥጢሩን የሚያፍታቱበት ሐተታ ነው፤ አንድምታ ደግሞ «አንድም» እያለ ለአንዱ ቃል ብዙ ፍቺ እየደረደረ የሚሄደው ስልቱ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው «ኮሜንታሪ» ነው፤ አንድምታ በስሙ ይጠራል።

ከሁሉም የሚከብደው «አካል» እና «ባሕርይ» ነው። በገበያ አማርኛ አካል ገላ ነው፣ ባሕርይም ጠባይ ነው። በነገረ ሃይማኖት ግን አካል «ፐርሰን» ይባላል፤ ጥናቱ ከግሪኩ ሊቃውንት ጋር የሚያያዝ ከሆነ «ሃይፖስታሲስ» ይጨመርበታል። ባሕርይ «ኔቸር» ነው። ስለ ሥላሴ ሦስት አካል አንድ ባሕርይ ሲባል፣ ስለ ሥጋዌ ደግሞ ከሁለት አካል አንድ አካል፣ ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ ይባላል። ተርጓሚው አንድ ቦታ «ቦዲ»፣ ሌላ ቦታ «ፐርሰን» እያለ ከቀያየረ አንባቢው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። ቃል ላለመድገም መጨነቅ ለጽሑፍ ውበት ይጠቅማል፤ እዚህ ግን ስሕተት ነው።

«ተዋሕዶ»ንም «ሞኖፊሳይት» ብሎ መመለስ አይገባም። ቤተ ክርስቲያን አውጣኪን አውግዛለች፤ ያ ስም የሱን ትምህርት ስለሚያስታውስ አትቀበለውም። ዛሬ ብዙዎች «ሚያፊሳይት» ይላሉ። አጥኚው ራሱ ካልጻፈው ግን ተርጓሚው ከራሱ አይጨምርም፤ ተዋሕዶን በስሙ አስቀምጦ መለኮትና ትስብእት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት አንድ የሆኑበት ትምህርት መሆኑን በአንድ ሐረግ ይገልጻል። በቦሩ ሜዳ የተወገዙት ቅብዓትና ጸጋም የወገን ስም ስለሆኑ እንዲሁ በስማቸው ይቆያሉ።

ሥራው የሚጀምረው እንግዲህ ከመጀመሪያው መስመር አይደለም። አስቀድሞ ስሞቹ በዝርዝር ይወጣሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ አቻ፣ አንድ የላቲን ፊደል አጻጻፍ ይመደባል፤ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ አይነካም። ትርጉሙ ሲያልቅ አማርኛውን ያላየ እንግሊዝኛ አዋቂ ወደ አማርኛ ይመልሰው። «አካል» ገላ ሆኖ፣ «ትርጓሜ» ልሳን መመለስ ሆኖ ከመጣ የተሳተው ቃል ራሱን አሳወቀ ማለት ነው።

የመጨረሻው ፍርድ ግን የመጻሕፍት ቤት መምህር ነው። እንግሊዝኛ ባይችሉም ተመልሶ የመጣውን አማርኛ አንብበው «ይህ ትምህርታችን አይደለም» ማለት ይችላሉ። አኅጽሮተ ጥናትዎን ከማስገባትዎ በፊት ያሳዩዋቸው።