አንድ ደብዳቤ፣ ሁለት መልስ

አንድ ደንበኛ ፍሪጅ በኢንተርኔት አዝዞ ከፈለ እንበል። ዕቃው ሳይመጣ ሲቀር ሰኞ ጠዋት ለመደብሩ ጻፈ፦ «ፍሪጁ እስካሁን አልደረሰኝም፤ ከሂሳቤ ግን ሁለት ጊዜ ተቆርጧል።» የመደብሩን የጋራ ኢሜይል ሦስት ሠራተኞች ይከፍቱታል። ዕቃ የሚያደርሰው ክፍል ሠራተኛ «ነገ ይደርስዎታል» ብሎ መለሰ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ ትዕዛዙ የተሰረዘ መስሏት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ «ሙሉ ገንዘብዎ ይመለሳል» ብላ ጻፈች። ደንበኛው የቱን ይመን?

ሁለቱም ሥራቸውን ሠርተዋል። ጉድለቱ ያለው ሳጥኑ ላይ ነው፤ ተራ የኢሜይል ሳጥን በዋናነት የሚያሳየው መልእክቱ መነበብ አለመነበቡን ነው። አንዱ ከፍቶ አንብቦት «በኋላ እመልሳለሁ» ብሎ ቢተወው፣ ለሌሎቹ ያለቀ ጉዳይ ይመስላል። ደንበኛን ያለ መልስ የሚያስቀረውም ሁለት መልስ የሚሰጠውም ይኸው አንድ ጉድለት ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ መልእክት አንድ ባለቤት በስም መመደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊው ጄሲ ቪንሰንት የጀመረው «ሪኩዌስት ትራከር» የተባለ ፕሮግራም ሐሳቡን ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ባለቤት ያልተመደበለት ጉዳይ `Nobody` ተብሎ ይመዘገባል፤ ማንም የለውም ማለት ነው። ሠራተኛው `Take` ሲል ጉዳዩን ይረከባል። በሌላው እጅ ያለውን መውሰድ የፈለገ ግን `Steal` የሚለውን መጫን አለበት፤ ስያሜው ራሱ ሳያስቡ ከመንካት ያስጠነቅቃል። ዛሬ በጉግል ግሩፕስ የጋራ ሳጥን ውስጥም ጉዳይን ለአንድ ሰው መመደብ፣ ሲያልቅም «ተጠናቋል» ብሎ መዝጋት ይቻላል።

ማን ለማን ይመድብ? ቀላሉ መንገድ ደንበኛው የጻፈበትን አድራሻ ማየት ነው፤ ለጥገና፣ ለሂሳብና ለማድረሻ የተለያየ አድራሻ ካለ አብዛኛው ራሱ ይለያል። በመልእክቱ ውስጥ ያሉ ቃላትን ተከትሎ መለየት ግን ያሳስታል። በጂሜይል ለአንድ መልእክት የሚስማሙ ማጣሪያዎች ሁሉ በአንድነት ይሠራሉ እንጂ የመጀመሪያው ላይ አይቆሙም። ስለዚህ «አልደረሰኝም» እና «ተቆርጧል» የሚሉት ቃላት የፍሪጁን ደብዳቤ በሁለት ምልክት ይለጥፉትና ሁለት ሠራተኞች ፊት ያቀርቡታል። ድግግሞሹን የፈጠረው መደብሩ ራሱ ያዘጋጀው ማጣሪያ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ቅልቅል ጉዳይ ሲመጣ የሚያዋጣው፣ ምልክቱ የጉዳዩን ዓይነት ብቻ እንዲናገር አድርጎ ባለቤቱን በሰው ውሳኔ መመደብ ነው። የዕለቱ ተረኛ ደብዳቤውን ለማድረሻው ሠራተኛ ይሰጣል። እሱም ስለ ክፍያው የሂሳብ ሠራተኛዋን በውስጥ ማስታወሻ ይጠይቃል፤ ክፍያው በእርግጥ ሁለት ጊዜ መቆረጡን ታረጋግጥለታለች። ለደንበኛው የሚጽፈው እሱ ብቻ ነው፦ ፍሪጁ ነገ ይደርሳል፣ በትርፍ የተቆረጠው ይመለሳል። ተረኛ ከሌለ የትኛውም ማጣሪያ ያልያዘው ደብዳቤ `Nobody` እንደተባለ ይሰነብታል።

አንዳንዴ ድግግሞሹ የሚመጣው ከደንበኛው ነው። እያንዳንዱ ኢሜይል `Message-ID` የሚባል የራሱ መለያ አለው፤ መልስ ሲጻፍ ደግሞ `In-Reply-To` በሚለው መስመር የቀድሞው ደብዳቤ መለያ ይመዘገባል። አንዱ ደብዳቤ ለሁለት አድራሻ ከተላከ መለያው ብዙውን ጊዜ አንድ ስለሆነ ፕሮግራሙ ቅጂውን ሊለይ ይችላል። ደንበኛው ማክሰኞ ተናድዶ አዲስ ኢሜይል ከጻፈ ግን መለያውም አዲስ ነው፤ ከሰኞው ጋር የሚያገናኘው የላኪው አድራሻና የትዕዛዙ ቁጥር ብቻ ይሆናል። በላኪ አድራሻ ብቻ በራስ ሰር ማዋሃድ አደገኛ ነው። ያው ሰው ስለ ፍሪጁም ስለ ምድጃውም ጽፎ ከሆነ፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ተመሳሳዩን ይጠቁም፣ ሰው አይቶ ያዋህድ።

የእኛ አገር መደብር ሌላም ፈተና አለበት፤ ደንበኛው በኢሜይል ጽፎ፣ በቴሌግራም ደግሞ፣ ቀጥሎ ይደውላል። ለዚህ `Message-ID` ምንም አይረዳም፤ በሦስቱም መንገድ መጀመሪያ የትዕዛዝ ቁጥር ጠይቆ በአንድ መዝገብ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። አሠራሩ መያዙን ማወቅ የፈለገ ኃላፊ ሁለት ነገር ይፈልግ፦ ከአንድ የሥራ ቀን በላይ ባለቤት ያጣ መልእክት፣ እና የሁለት ሠራተኞች መልስ ያለበት ጉዳይ። ደንበኛ የሆነ አንባቢም መልስ ሲዘገይበት አዲስ ኢሜይል ባይከፍት ይመረጣል፤ በቀድሞው ደብዳቤ ላይ ቢመልስና የትዕዛዝ ቁጥሩን ቢጽፍ ጉዳዩ ወደያዘው ሰው ይደርሳል።