ታደለ ወይስ ታደሰ?

አንድ ሬኮማንዴ ደብዳቤ ከደሴ ተነሥቶ ዋሽንግተን አካባቢ የሚገኝ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ጽሕፈት ቤት ደርሷል እንበል። የማኅበሩ መዝገብ ያዥ ፖስታውን ስካን አድርጋ አምስት ነገር መመዝገብ አለባት፦ ከማን እንደተላከ፣ ለማን እንደሆነ፣ በማን በኩል እንደመጣ፣ የሬኮማንዴ ቁጥሩንና የደረሰበትን ቀን። ፖስታው ክፍት ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን አይታ ትረዳ ነበር። ግን የሌላ ሰው ደብዳቤ አይከፈትም፤ ያላት ማስረጃ ወረቀቱ ላይ በስክሪብቶ የሰፈረው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ዛሬ የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር አለ። የዚህ ዕውቀት አንዱ ምንጭ ራሱ ፖስታ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ቤል ላብስ ያን ለኩንና ባልደረቦቹ ኮምፒውተር በእጅ የተጻፈ ዚፕ ኮድ እንዲያነብ ሲያስተምሩ፣ የተጠቀሙት በኒው ዮርኳ ቡፋሎ ፖስታ ቤት ካለፉ ፖስታዎች የተወሰዱ 9,298 አሃዞችን ነበር። በ7,291ዱ አስተማሩት፣ በ2,007ቱ ፈተኑት። ከውጤቱ ውስጥ መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው ይህ ነው፦ ማሽኑ ከተቀበላቸው አሃዞች ስሕተቱ ወደ 1 በመቶ እንዲወርድ፣ ከ100 አሃዞች 12 ያህሉን «ይህ አይነበበኝም» ብሎ ወደ ጎን ማውጣት ነበረበት። ሁሉንም ካላነበብኩ ቢል ስሕተቱ ይበዛ ነበር።

የአሜሪካ ፖስታ ቤትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ማሽኑ ያቃተው አድራሻ ምስሉ ወደ ሩቅ ማዕከል ይላክና ሰው አይቶ ይተይበዋል። እንዲህ ያሉ ማዕከላት በአንድ ወቅት 55 ነበሩ፤ ማሽኖቹ እየተሻሻሉ ሲሄዱ ግን ሶልት ሌክ ሲቲ ያለው አንዱ ብቻ ቀረ። እሱ ግን አልተዘጋም። አንድ ጽሕፈት ቤት ሶፍትዌር ሲገዛ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንቱን ያነባል?» ብሎ ሳይሆን «ያልገባውን ለሰው ያሳያል ወይ?» ብሎ ነው። ባዶ የቀረ ሳጥን በኋላ ይሞላል። በስሕተት የተሞላው ግን ትክክለኛ መስሎ መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ወደ ደሴው ፖስታ እንመለስ። ከፊት ለፊቱ በላቲን ፊደል የአንዲት ሴት ስም፣ ከሥሩ «በ... በኩል» የሚለው ሐሳብ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የማኅበሩ ስም፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ከተማና ዚፕ ኮድ አለ። ሶፍትዌሩ የማኅበሩን ስም በሚገባ አንብቦ ተቀባይ አድርጎ ያስገባዋል፤ ስሙ ረጅም ነው፣ ግልጽ ነው፣ ከአድራሻውም ጋር የተያያዘ ነው። አንዲት ፊደል እንኳ አልተሳሳተም፤ መዝገቡ ግን ተሳስቷል፤ ደብዳቤው የማኅበሩ ሳይሆን የሴትየዋ ነውና። እንዲህ ያለ ስሕተት ከፊደል ስሕተት ይከፋል፤ ምክንያቱም ሴትየዋ «ደብዳቤ መጥቶልኛል?» ብላ ስትደውል በስሟ ቢፈለግ ምንም አይገኝም። መፍትሔው ለ«በኩል» የራሱን ዓምድ መስጠት ነው።

ላኪው ደግሞ ፊት ለፊት የለም። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ስሙን የጻፈው በጀርባ ነው። ፊቱን ብቻ ስካን ያደረገ ጽሕፈት ቤት «ላኪ፦ ያልታወቀ» ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ሁለቱም ገጾች በአንድ ቁጥር ይቀመጣሉ፤ ለምሳሌ 0147 ፊት፣ 0147 ጀርባ።

ጀርባው ላይ «ከ፦» ይልና በሰማያዊ ስክሪብቶ አንድ ስም ይከተላል። ሶፍትዌሩ «ታደሰ» ብሎ አንብቦታል። መዝገብ ያዧ ምስሉን አጉልታ ስታየው የመጨረሻዋ ፊደል አናት ላይ ያለችው ቁንጮ ቀለሟ ጥቁር ነው፤ የቀረው ጽሑፍ ሰማያዊ ነው። ሬኮማንዴ ደብዳቤ ጀርባ ላይ በየደረሰበት ፖስታ ቤት ማኅተም የማሳረፍ የቆየ ልማድ አለ፤ የክቡ ማኅተም ጠርዝ በፊደሏ አናት አልፏል። ማኅተሙ ሲቀነስ የቀረው «ለ» ነው። ሰውየው ታደለ እንጂ ታደሰ አይደለም።

ይህን ያወቀችው ስካኑ ባለ ቀለም ስለነበረ ነው። በጥቁርና ነጭ ቢሆን ኖሮ ማኅተምና ስክሪብቶ አንድ ሆነው ይቀሩ ነበር፤ ወረቀቱ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ማንም ሊለያቸው አይችልም። በባለ ቀለምና በ300 ዲፒአይ ስካን ማድረግ የፋይሉን መጠን ያሳድጋል፣ ግን ለአማርኛ ጽሑፍ ይህ የግድ ነው። ተፈራና ተፈሪን የሚለየው የአንድ ፊደል እግር ነው፤ በደበዘዘ ምስል ላይ ያ እግር ይጠፋል።

ሌላው የአማርኛ ፈተና ያው ስም በብዙ መልክ መጻፉ ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፤ በላቲን ደግሞ Tsehay፣ Tsehai፣ Sehay። መዝገብ ያዥ «ላስተካክለው» ብላ አንዱን ብትመርጥ የተጻፈው ይጠፋል፤ እንዳለ ብትተወው ፍለጋው አይሠራም። የሚሻለው ሁለት ዓምድ ነው፦ አንዱ ፖስታው ላይ እንደተጻፈው፣ ሌላው ለፍለጋ እንዲመች በአንድ አጻጻፍ። የመጀመሪያው አይነካም። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ ቅጾች የሚጠይቁት «የቤተሰብ ስም» ደግሞ እዚህ ያሳስታል። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ እናትና ልጅ በአንድ የቤተሰብ ስም አይገኙም። ዓምዱ «ስም» እና «የአባት ስም» ቢባል ይበቃል።

የሬኮማንዴ ቁጥሩ ግን ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ አለው። ባርኮዱ ተጨማዶ አልነበብ ካለ ቁጥሩ በዓይን ተነብቦ ይተየባል። ለምሳሌ RR204176357ET ቢሆን፣ RR የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ET ኢትዮጵያ ነው። ስምንቱ አሃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9 እና 7 ተባዝተው ይደመራሉ፤ እዚህ 147 ይመጣል። 147 ለ11 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ 11 ሲቀነስ 4 ደግሞ 7 ነው። ከET በፊት ያለው ዘጠነኛ አሃዝ 7 ስለሆነ ቁጥሩ ይስማማል። መዝገብ ያዧ 1ን እንደ 7 አንብባ 20477635 ብላ ብታስገባ ድምሩ 159 ሆኖ 5 ይተርፋል፤ መጨረሻው 6 መሆን ነበረበት። ኮምፒውተሩ ወዲያው ቀይ ያሳያል።

ለስም እንዲህ ያለ ስሌት የለም። ስለዚህ 0147 ላይ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ ላኪ፣ ታደለ፤ የማሽን ንባብ፣ ታደሰ፤ ምክንያት፣ ማኅተም በፊደሉ ላይ አልፏል፤ ያረጋገጠችው ሠራተኛ ስም። የተቀባይዋ ስም በ«ተቀባይ» ሥር፣ የማኅበሩ ስም በ«በኩል» ሥር ይገባል። ሴትየዋ ስትደውል መዝገብ ያዧ «ከደሴ፣ ከታደለ የተላከ አለልሽ» ትላታለች።