ከሦስት ሜትር የሚነበብ ስም፦ የጉባኤ ባጅ አሠራር

የጉባኤ ባጅ አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ስም ሳይጠይቅ እንዲያውቅ ማድረግ። በየአዳራሹ ደረት ላይ ተንጠልጥለው የሚታዩት ባጆች ግን በብዛት ይህን አይሠሩም። የጉባኤው ዓርማ ከላይ ግማሹን ይወስዳል፣ የስፖንሰሮች ምልክት ግርጌውን ይሞላል፣ ስሙ በመሃል በተረፈችው ጠባብ ቦታ ከነአባት ስሙ፣ ከነማዕረጉና ከነመሥሪያ ቤቱ ይጨናነቃል። ስሙን ለማንበብ ሰው ደረት ላይ ማጎንበስ ግድ ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ባጁ ከሚያነበው ሰው ርቀት ሳይሆን አዘጋጁ ከሚያውቀው መረጃ ተነስቶ ስለሚሠራ ነው። መጀመሪያ መወሰን ያለበት ከስንት ሜትር ይነበብ የሚለው ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

ርቀቱን ለመወሰን አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ሆል በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ልኬት ይጠቅማል። በእሱ አከፋፈል ከ45 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ያለው የወዳጆች ርቀት ነው፤ ከዚያ እስከ 3.6 ሜትር ያለው ደግሞ ገና የማይቀራረቡ ሰዎች የሚቆሙበት ነው። ልኬቱ አሜሪካውያንን አይቶ የተሠራ በመሆኑ ለሁሉም አገር እኩል አይሠራም። ያም ሆኖ ለባጅ የሚሆን ፍንጭ ይሰጣል፤ ስሙ መታወቅ ያለበት እጅ ለእጅ ከመጨባበጥ በፊት፣ ሰውየው ገና እየመጣ ሳለ ነው። እንግዲህ ሦስት ሜትርን መነሻ እናድርግ።

ከሦስት ሜትር የሚነበብ ፊደል ምን ያህል መሆን አለበት? የሆላንዱ የዓይን ሐኪም ኸርማን ስኔለን በ1862 ያወጣው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ መልሱን ይሰጣል። ጤናማ ዓይን የሚለየው የላቲን ፊደል ቁመት ከዓይን ሲታይ የዲግሪ አንድ ስድሳኛ አምስት እጅ የሚሆን ማዕዘን ይይዛል፤ የፊደሉ ጭረት ውፍረት ደግሞ የዚያ አንድ አምስተኛ ነው። ከሦስት ሜትር ሲሰላ ቁመቱ 4.4 ሚሊ ሜትር፣ ጭረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር ግድም ይመጣል። ይህ ግን የመጨረሻው ጠርዝ ነው፤ በጥሩ ብርሃን፣ ዓይን ተክሎ ለሚያይ ሰው። አዳራሹ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሰውየው ይንቀሳቀሳል፣ አንባቢው መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ይሆናል። ስለዚህ ያለ ድካም ለማንበብ ቁመቱ የጠርዙ ሁለትና ሦስት እጥፍ ግድም፣ ማለትም ከ9 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይሻላል።

ለግዕዝ ፊደል የምመርጠው ከፍተኛውን ነው። ምክንያቱም በእኛ ፊደል ስምን ከስም የሚለየው ብዙ ጊዜ ከፊደሉ ትንሿ ክፍል ናት። አበበና አበባን እንውሰድ፤ አንዱ የወንድ፣ ሌላው የሴት ስም ነው። ልዩነታቸው በመጨረሻው ፊደል እግር ላይ ብቻ ነው፦ የ«በ» ሁለት እግሮች እኩል ሲሆኑ የ«ባ» ቀኝ እግር ከግራው ይረዝማል። ብርሃኑና ብርሃኔም እንዲሁ፤ አንደኛው ጎኑ ላይ ትንሽ ጭረት፣ ሌላው ግርጌው ላይ ትንሽ ቀለበት አለው። የእግሩ ልዩነት የፊደሉ ቁመት አንድ አምስተኛ ነው እንበል። ፊደሉ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ልዩነቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሦስት ሜትር ዓይን ሊለየው ከሚችለው ጠርዝ ላይ ደርሷል። ፊደሉ 14 ሚሊ ሜትር ሲሆን ልዩነቱ ወደ 2.8 ይደርሳል፣ ያኔ አበባን አበበ ብሎ የሚጠራ አይኖርም። በዚህ ምክንያት በጣም ወፍራም ፎንትም አይመከርም፤ ጭረቱ ሲወፍር የ«ኔ» እና የ«ቤ» ቀለበት ውስጡ ይደፈናል። መካከለኛ ውፍረት ይበቃል። ቁመቱም በፖይንት ሳይሆን ታትሞ በማስመሪያ ይለካ፤ በአንድ ዓይነት የፖይንት ቁጥር የተጻፉ ሁለት ፎንቶች ቁመታቸው እኩል ላይሆን ይችላል።

ይህን ያህል ትልቅ ፊደል ቦታ አይበቃውም የሚል ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም። እንቁጠረው። ባጁ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረውና በግራና በቀኝ 8፣ 8 ቢተው 84 ይቀራል። አንድ ፊደል ከነክፍተቱ በአማካይ 14 ሚሊ ሜትር ቢወስድ አበባ 42፣ ቴዎድሮስ 70 ይይዛሉ። በላቲን ቴዎድሮስ ስምንት ፊደል ይፈጃል፤ በግዕዝ አምስት ይበቃዋል፣ የተረፈውም ስፋት ለቁመት ይውላል። ወልደጊዮርጊስ 112 ስለሚጠይቅ አይገባም፤ ነገር ግን «ወልደ» ከላይ፣ «ጊዮርጊስ» ከታች ሆኖ ያለ ችግር ይቀመጣል። መደረግ የሌለበት ለአንድ ረጅም ስም ሲባል የሁሉንም ስም ማሳነስ ነው።

ትልቁ ቦታ የሚገባው ለማን ስም ነው የሚለውም ይነሳል። ከውጭ የተገኘ የምዝገባ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ስላለው ኢትዮጵያውያን የአባታቸውን ስም ይሞሉበታል፤ ማሽኑም ያንኑ አጉልቶ ያትመዋል። አበባ ከበደ የተባለች ተሳታፊ በዚህ አሠራር አዳራሹን ሙሉ «ከበደ» ስትባል ትውላለች። በእኛ ዘንድ አክብሮቱም ከራስ ስም ጋር ነው የሚሄደው፤ «ዶክተር አበባ» እንጂ «ዶክተር ከበደ» አንላትም። ስለዚህ የራስ ስም ይጉላ፣ ማዕረጉ ከላዩ፣ የአባት ስም ከሥሩ በግማሽ ቁመት ይቀመጥ። የውጭ እንግዶች ባሉበት ጉባኤ የራስ ስም በሁለቱም ፊደል ይጻፍ፣ ብዙው ተሳታፊ የሚያነበው ይጉላ። ሁለቱን በፊትና በጀርባ መከፋፈል ግን ጥሩ አይደለም፤ ባጁ በዞረ ቁጥር የግማሹ ተሳታፊ ንባብ ይቋረጣል።

መሥሪያ ቤትና ዓርማስ ይቅሩ? አይቅሩ። መሥሪያ ቤቱ የሚነበበው ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ፣ ከአንድ ሜትር በታች ነው፤ ለዚያ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። የበሩ ጥበቃ ባጁን የሚያየው እጅ በሚደርስበት ርቀት ነው። ዓርማውም የተሰብሳቢው ዓይን በሚያርፍበት በመድረኩ ጀርባ ላይ በትልቁ ተሰቅሏል። ኪው አር ኮድ ወደ ጀርባ ይሂድ። ስሙ ይህን ያህል ከጎላ መንገድ ላይ ማንም ያነበዋል የሚለው ስጋት ግን እውነት ነው፤ መፍትሔው ከአዳራሽ ሲወጡ ባጁን ማውለቅ ነው፣ ለዚህ ሲባል ውስጥ ያሉትን ማሳወር አይደለም።

መልካም ኅትመትም በአሰቃቀል ይበላሻል። በአንድ መንጠቆ የተሰቀለ ባጅ በትንሽ እንቅስቃሴ ይዞራል፤ በሁለቱ ማዕዘን ቢያዝ ወይም ስሙ በሁለቱም ገጽ ቢታተም ጉዳዩ ያልቃል። ረጅም ገመድ ባጁን ሆድ ላይ ያደርሰዋል፣ ሰውየው ሲቀመጥ ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ ርዝመቱ የሚስተካከል ገመድ ደረት ላይ ያቆየዋል። አንጸባራቂ ፕላስቲክ የመብራቱን ነጸብራቅ ስሙ ላይ ይጥላል።

ይህ ሁሉ መሳካቱ የሚታወቀው ከኮምፒውተር ስክሪን ሳይሆን ከሙከራ ነው። ከተሳታፊዎች ዝርዝር ረጅሙን ስምና እንደ አበበና አበባ የሚመሳሰሉ ጥንዶችን መርጦ ማተም፣ ሰው አንገት ላይ ማንጠልጠል፣ በአዳራሹ መብራት ስሞቹን ከማያውቅ ሰው ሦስት ሜትር ማራቅና አንብብ ማለት። አንዱን ስም ከተሳሳተ ፊደሉ ይደግ፤ ቦታ ከጠበበ የሚቀነሰው ከስሙ ሳይሆን ከሌላው ነው።