ሆዷ የሞላ ዶሮ ለምን እንቁላል ታቆማለች?

በአዲስ አበባ ግቢዎች ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው። አምስት የተሻሻሉ ጣይ ዶሮዎች ያላት የቤት እመቤት ጠዋት በቆሎ ትበትንላቸዋለች፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ የተረፈውን እንጀራ ትደፋላቸዋለች። መጀመሪያ በቀን አራት እንቁላል ታነሳ ነበር፤ ከዚያ ሦስት፣ ቀጥሎ ሁለት። ዶሮዎቹ አልታመሙም፣ አልከሱም። እንዲያውም ወፍረዋል።

ችግሩ ጥጋባቸው ላይ ነው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን የምትበላው ከ110 እስከ 120 ግራም ደረቅ መኖ ነው፤ ከዚያ ብዙም አታልፍም። ከመኖው ውስጥ 16 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን መሆን ሲገባው በቆሎ ያለው ከ8 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። እንጀራ ደግሞ ከግማሽ በላዩ ውኃ ስለሆነ ዶሮዋ ሆዷን ሞልታ ከሌላው መኖ ትዞራለች። መጀመሪያ እንቁላሉ ያንሳል፣ ከዚያ ቀን መዝለል ይመጣል።

ማስተካከያው ከመኖ መሸጫ የሚገኝ ነው። አምስት ኪሎ የተከካ በቆሎ፣ አንድ ኪሎ ፉርሽካ፣ ሁለት ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ አንድ ኪሎ የተቆላ አኩሪ አተርና ወደ 900 ግራም የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሲደባለቅ ከሚፈለገው ፕሮቲን ይጠጋል። በላዩ የቫይታሚንና የማዕድን ቅመም በመመሪያው ልክ ይጨመራል። አኩሪ አተሩን መቁላት ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ጥሬው የፕሮቲን መፈጨትን ያውካል። ለአምስት ዶሮ በቀን 600 ግራም ይበቃል፤ ድብልቁም ሁለት ሳምንት አለፍ ይላል።

ትራፊውስ? ይሰጣል፣ ግን ከዋናው መኖ በኋላ፣ ከሰዓት። ለአምስቱ ግማሽ እንጀራ ያህል ከበቂ በላይ ነው። ጎመን ቢቀላቀልበት መልካም ነው፤ አስኳሉንም ያቀላዋል። ጨው የበዛበት ወጥ አይሰጥም። የሻገተ ዳቦና የሻገተ በቆሎም እንዲሁ፤ ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል።

ቅርፊቱ ሲሳሳ ወይም እንቁላሉ እንደ ፊኛ ለስልሶ ሲወጣ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ነው። ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ፣ ታጥቦና ደርቆ የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት ወደ ማታ ለብቻው በዕቃ ቢቀርብ ጥሩ ነው። ሳይሰባበር ከተሰጠ ግን የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዱበታል።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው በዐቢይ ጾም ነው። የእንቁላል ገበያ ሲቀዘቅዝ መኖው ይቀነሳል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ፋጉሎው ይመለሳል። አንድ አስኳል ሞልቶ ለመውጣት አሥር ቀን ገደማ ይፈልጋልና፣ በሰሞነ ሕማማት የተጀመረ ጥሩ መኖ ለፋሲካው እንቁላል አይደርስም።