«ማስታወቂያ» የሚለው ቃል የት ይቀመጥ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ እናስብ። ለገናና ለጥምቀት አዲስ ቀሚሶች አስመጥታለች። በአማርኛ ቪዲዮ ለምትሠራ አንዲት ቲክቶከር 400 ዶላር ከፍላ፣ 180 ዶላር የሚያወጣ ቀሚስም ጨምራ እንድታስተዋውቅላት ተስማምታለች። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት ሰሞን ገዢው ይቸኩላል፤ ስለዚህ ከቀረጻው በፊት ባለሱቋ የምትልከው አንድ ገጽ ጽሑፍ ብዙ ነገር ይወስናል። በሙያው ብሪፍ ይባላል።

ብሪፉ ውስጥ ቀላሉ ክፍል ቀኑ ነው። ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ለገና የሚደርስ ትእዛዝ የሚዘጋው ዲሴምበር 20 ከሆነ ቪዲዮው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መውጣት አለበት። የሚከብደው ስለ ልብሱ ምን እንደሚባል መጻፍ ነው። ባለሱቋ ካመጣቻቸው ቀሚሶች ግማሾቹ ጥበባቸው በእጅ የተሸመነ፣ ግማሾቹ የታተመ ጥለት ያላቸው ናቸው እንበል። ብሪፉ የትኛው የትኛው እንደሆነ በስም መለየት አለበት፤ አለበለዚያ ቪዲዮ ሠሪዋ ሁሉንም «የእጅ ሥራ» ብላ ታልፋለች። ቀሚሱን ገልብጣ ጀርባውን እንድታሳይ መጠየቅም ጥሩ ነው፤ የታተመ ጥለት ከጀርባ ደብዛዛ ወይም ባዶ ይሆናል። ይህ መንገድ ግን የማሽን ጥልፍን ከእጅ ሽመና አይለይም፤ የማሽን ጥልፍም ከጀርባው ክር አለው። እዚህ ላይ ባለሱቋ ከአቅራቢዋ ያረጋገጠችውን ብቻ ትጻፍ።

ቪዲዮ ሠሪዋ ልብሱን ሳታጥብ «ታጥቦም አይለቅም» እንዳትልም ይጻፍ። ሞክሬዋለሁ የሚል የሞከረ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የክፍያው ጉዳይ ይመጣል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ግልጽ ነው፤ በ2023 የታደሰው መመሪያም አጥብቆታል። ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በነጻ የተሰጠ ልብስ፣ የሽያጭ ኮሚሽን፣ የቤተሰብ ዝምድና ሳይቀር ተመልካቹ ሊያውቀው የሚገባ ግንኙነት ነው። ይህም በማያመልጥ ቦታ መገለጽ አለበት። የቪዲዮ ሠሪዋ የግል ገጽ መግቢያ ላይ ወይም ከሃሽታግ ክምር ሥር ቢጻፍ አይበቃም። ቪዲዮው በምስልም በድምፅም የሚያስተዋውቅ ከሆነ መግለጫውም በሁለቱም ይሁን፤ በቀጥታ ስርጭት ደግሞ ዘግይቶ ለሚገባ ተመልካች ይደጋገም። መተግበሪያው የሚሰጠው የ«የተከፈለበት» ምልክት ብቻውን በቂ ላይሆን ይችላል።

ለእኛ ሰዎች ትልቁ ቁም ነገር ቋንቋው ነው። መመሪያው መግለጫው ማስተዋወቂያው በተነገረበት ቋንቋ እንዲሆን ይፈልጋል። በአማርኛ ለእናቶች ተናግሮ ታች `#ad` ብሎ መጻፍ ማሳወቅ አይደለም። ከቴሌቪዥን የለመድነው «ከእንትን ጋር በመተባበር» የሚለው አነጋገርም እንዲሁ ነው፤ ማን ለማን እንደከፈለ አይናገርም። «እናመሰግናለን» ከሁሉም ይብሳል፤ ምስጋና እንጂ ክፍያ አይመስልም። በእኔ እምነት ከእነዚህ ሁሉ «ማስታወቂያ» የሚለውን ቃል የሚተካ የለም። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

ስለዚህ ባለሱቋ በብሪፉ የምትልከው የመጀመሪያ ካፕሽን እንዲህ ቢጀምር ጥሩ ነው፤

«ማስታወቂያ፦ ሱቁ ከፍሎኛል፣ ቀሚሱንም በነጻ ሰጥቶኛል። ጥበቡ በእጅ የተሸመነ ነው፤ ጀርባውን ቪዲዮው ላይ ገልብጬ አሳይቻለሁ። ለገና እንዲደርስላችሁ እስከ ዲሴምበር 20 እዘዙ።»

ቃሉ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ኢንስታግራምም ሆነ ቲክቶክ ረጅም ጽሑፍን ስለሚቆርጡ ነው፤ «ተጨማሪ» የሚለውን የማይነካ ሰው የሚያነበው መጀመሪያውን ብቻ ነው። ክፍያ ሳይኖር ቀሚስ ብቻ ከተላከላት አነጋገሩ ይለወጣል፤

«ይህን ቀሚስ ሱቁ በነጻ ልኮልኛል፤ ገንዘብ አልተከፈለኝም። ጥለቱ የታተመ ነው፤ ቀለሙን ወድጄዋለሁ፤ እጅጌው ግን ለእኔ ትንሽ ጠቦኛል።»

ያን «ጠቦኛል» የሚለውን ለማሰረዝ ባለሱቋ ትፈተናለች። አትሰርዘው፤ ልኩን የሚጠይቅ ገዢ ከዚያ ብዙ ይማራል፤ መልሶ የሚልክም ይቀንሳል። ቪዲዮ ሠሪዋ በቅናሽ ኮድ የምትሠራ ከሆነም፦

«ማስታወቂያ፦ በእኔ ኮድ ስትገዙ 10 በመቶ ይቀንስላችኋል፤ እኔም ከሽያጩ ድርሻ አገኛለሁ።»

ቪዲዮው ሲለቀቅ ባለሱቋ በራሷ ስልክ፣ ጽሑፉን ሳትዘረጋ ትክፈተው። «ማስታወቂያ» የሚለው ካልታየና ካልተሰማ ያኔውኑ ታስተካክለው፤ በደንቡ ተጠያቂ የምትሆነው ቪዲዮ ሠሪዋ ብቻ ሳትሆን ባለሱቋም ጭምር ናት። ለዘንድሮው ገና ብሪፍ የምትጽፉ ባለሱቆች፣ ያችን ቃል በራሳችሁ እጅ ጻፏት፤ ለቲክቶከሯ ግምት አትተዉላት።