ጀሪካን ውስጥ የረጋው ዘይት

በነሐሴ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ማድ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ማታ እንደ ውሃ ሲፈስ የነበረው የፓልም ዘይት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ረግቶ ይገኛል። አንዲት ጎረቤቴ ጀሪካናቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ሲጠብቁ ደረስኩና፣ “እትዬ፣ ይሄ እኮ ከቅቤ ብዙም አይርቅም” አልኳቸው። ጀሪካኑን አዙረው ጽሑፉን አሳዩኝ። “ምን ነካህ ልጄ? ኮሌስትሮል የለውም ይላል እኮ!”

ጽሑፉ አልዋሸም፤ ለእትዬ ግን የነገራቸው ነገር የለም። ኮሌስትሮል የሚገኘው ሥጋ፣ እንቁላልና ወተትን በመሳሰሉ ከእንስሳት በሚገኙ ምግቦች ውስጥ ነው። ኑጉም፣ ሱፉም፣ ፓልሙም “ኮሌስትሮል የለውም” ተብሎ ቢጻፍበት እውነት ነው። ደማችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ግን አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ ከደም ለቅሞ የሚያነሳው ደግሞ በዋናነት ጉበት ነው። ስለዚህ ዘይቱ ኮሌስትሮል አለው ወይ ብሎ ከመጠየቅ፣ በውስጡ ያለው ስብ ጉበትን ምን ያደርገዋል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የማንኛውም ስብ ዋና አካል ፋቲ አሲድ የሚባል የካርቦን ሰንሰለት ነው። ካርቦኖቹ ሃይድሮጂን ይይዛሉ። ሊይዙት የሚችሉትን ያህል ከያዙ ሰንሰለቱ ጠግቧል፤ ሳቹሬትድ የሚባለው ይሄ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካርቦኖች አንዳንድ ሃይድሮጂን ሲጎድላቸው ደግሞ እርስ በርሳቸው በድርብ ይያያዛሉ፣ ሰንሰለቱም እዚያ ቦታ ላይ ይጎብጣል። አንድ ጉብጠት ያለው ሞኖአንሳቹሬትድ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ያለው ፖሊአንሳቹሬትድ ይባላል።

ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና ተጠጋግቶ ይከመራል። ጠማማ የማገዶ እንጨት ግን ምንም ቢያስተካክሉት መሃሉ ክፍተት አያጣም። ስብም እንዲሁ ነው፤ ቀጥ ያለው ተጠጋግቶ ይረጋል፣ የጎበጠው መጠጋጋት ስለማይሆንለት ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ሦስቱም 18 ካርቦን ያላቸውን ፋቲ አሲዶች ብናወዳድር፣ ምንም ጉብጠት የሌለው ስቴሪክ አሲድ የሚቀልጠው በ69 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። አንድ ጉብጠት ያለው ኦሌይክ በ13 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ሁለት ጉብጠት ያለው ሊኖሌይክ ግን ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ድረስ አይረጋም። በርዝመት አንድ ሆነው ሳለ አንድና ሁለት ጉብጠት ይህን ያህል ያራርቃቸዋል።

ይህን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። በሦስት ብርጭቆ ንጥር ቅቤ፣ የወይራ ዘይትና የኑግ ዘይት ቀድቶ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። ጠዋት ቅቤው በማንኪያ የሚቆፈር ይሆናል፤ የወይራው ይደፈርሳል፣ ይወፍራልም፤ ኑጉ እንደ ማታው ይፈሳል። ቅቤ ከስቡ ከግማሽ በላይ ሳቹሬትድ ነው። የወይራ ዘይት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞኖአንሳቹሬትድ ሲሆን፣ የኑግ ዘይት 70 በመቶ ገደማው ፖሊአንሳቹሬትድ ነው። የእትዬ ፓልምስ? ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። ከዕፅዋት የተገኘ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የረጋ ስብ የደም ሥር ውስጥም ሄዶ የሚረጋ እየመሰለው ነው። ሰውነታችን 37 ዲግሪ ሙቀት ስላለውና ስቡም በአንጀት ተፈጭቶ ስለሚገባ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እንዲያውም ካወዳደርናቸው ሦስቱ ቀድሞ የሚረጋው ስቴሪክ አሲድ የደም ኮሌስትሮልን ብዙም አይነካውም። ከፍ የሚያደርገው በተለይ ፓልምም ቅቤም ውስጥ በብዛት ያለው ፓልሚቲክ አሲድ ነው።

ሥራው ያለው ጉበት ላይ ነው። ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው ተጠቅልሎ ነው፤ በብዛት ሲጠራቀም የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ጥቅል ኤልዲኤል ይባላል። የጉበት ሴሎች ደጃፍ ላይ ኤልዲኤልን ከደም ለቅመው ወደ ውስጥ የሚያስገቡ ተቀባዮች አሉ። እነዚህን ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሳቹሬትድ ስብ ሲበዛ የተቀባዮቹ ሥራ ይቀንሳል፤ ለቃሚ ያጣው ኤልዲኤልም ደም ውስጥ ሲዞር ይቆያል። ፖሊአንሳቹሬትድ በተቃራኒው ለቀማውን ያበረታታል። ሞኖአንሳቹሬትድም የሳቹሬትድን ቦታ ሲወስድ ኤልዲኤልን ይቀንሳል፤ ከፖሊው ግን ትንሽ ያንሳል።

ምን ያህል? ሰዎች የሚበሉት እየተለካ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ተጠቃለው የተገኘው ይህ ነው። ከቀኑ ካሎሪ 1 በመቶው ከሳቹሬትድ ወደ ፖሊ ሲዞር ኤልዲኤል በአማካይ 2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያህል ይወርዳል፤ ወደ ሞኖ ሲዞር 1.6 ገደማ። በቀን 2000 ካሎሪ የሚበላ ሰው ወጡ ላይ 30 ግራም ንጥር ቅቤ ይደርሰዋል እንበል፤ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከዚህ ውስጥ 18 ግራም ያህሉ ሳቹሬትድ ነው፤ 162 ካሎሪ፣ የቀኑ 8 በመቶ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 በመቶ አትለፉ ስለሚል፣ ለሥጋውና ለወተቱ የቀረው 2 በመቶ ብቻ ነው። ያንኑ 30 ግራም በኑግ ዘይት ቢተካው ሳቹሬትዱ ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። የቀነሰው 6 በመቶ ነው፤ በ2 ብናበዛው ኤልዲኤሉ 12 ያህል ይወርዳል። 145 የነበረ ሰው 133 አካባቢ ይሆናል። በፓልም ዘይት ቢተካው ግን ከ18 ግራም ወደ 15 ቢወርድለት ነው።

ይህ አማካይ ነው። በዘር ተቀባዮቹ የጎደሉት ሰው ዘይት በመቀየር ብቻ አይድንም፤ ሐኪም ያዘዘለትንም መድኃኒት ማቆም የለበትም። ቅቤውን ትቶ በቦታው ነጭ ዳቦና ስኳር የጨመረ ሰውም፣ ኤልዲኤሉ ትንሽ ቢወርድም ጥሩው የሚባለው ኤችዲኤል አብሮ ይወርድበታል፣ ትራይግሊሰራይዱ ይወጣበታል። ፖሊውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ድርብ ማያያዣዎቹ ከአየርና ከእሳት ጋር ቶሎ ስለሚጣሉ፣ ኑግን ደጋግሞ መጥበሻ ላይ መጣድ ሽታውንና ጣዕሙን ያበላሸዋል። ለቁሌት ይሁን፤ ለሳምቡሳ መጥበሻ አላስቀምጠውም።

እትዬ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ከመሳቢያ ሁለት የላቦራቶሪ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። አንደኛው ላይ ኤልዲኤላቸው ዝቅ ብሏል፣ ሁለተኛው ላይ ከፍ። “መሣሪያው ነው የተበላሸው” ብለው ደምድመዋል። ቀኖቹን አየሁ። አንደኛው ከሁዳዴ ማለቂያ ላይ ነው፤ ቅቤና ሥጋ ከቀረ ወደ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። ሁለተኛው ከፋሲካ ሁለት ወር በኋላ። የምግብ ለውጥ ኤልዲኤል ላይ ለመታየት ጥቂት ሳምንታት ይበቁታል።

“በጾሙ በምን ዘይት ነበር የሚሠሩት?” አልኳቸው።

“በሱፍ። ያኔ ፓልሙ ጠፍቶ ነበር።”